ስለ ሴቶች ልጆች ያለ ዕድሜ መዳርና ስለ ትምህርታቸው መቋረጥ

በአማራ አገር በገጠሩ ክፍል ልጅን ድሮ ጎጆ ማውጣት የአባትና የእናት ታላቅ ግዴታ ኾኖ ሲቈጠር ኖሯል። ወላጅ የልጁን ወግ ማዕረግ ሳያይ ቢሞት ሥራው ሳይፈጸም እንደ ቀረ ያስባል። ስለዚህ ሴት ልጁን በ12 ወይም በ13 ዓመቷ ከትምህርት ቤት አውጥቶ የሚድር ገበሬ ክፉ ያደረገ አይመስለውም፤ ይልቁንም የአባትነቱን ዕዳ የከፈለ ይመስለዋል። ይህን ነገር ለማስቀረት የሚነሣ መምህር ወይም ሽማግሌ አስቀድሞ ይህን መረዳት ይገባዋል፤ ወላጅን እንደ ጠላት ቈጥሮ የሚጀምር ሰው ከደጃፍ ይመለሳልና።

ነገር ግን ጥያቄው አባት ልጁን ይወዳታልን ወይስ አይወዳትም የሚል አይደለም። ጥያቄው የልጅቱ ዕድሜና ትምህርት የማን ገንዘብ ነው የሚል ነው። ልጅ በአባቷ ቤት የምትኖረው በአደራ ነው እንጂ እንደ ከብትና እንደ መሬት ለውል መፈጸሚያ አይደለም። ባለአደራ አደራውን ጠብቆ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ በዚህ ነገር ባለቤቷ ራሷ ልጅቱ ናት፤ አደራውም የሚመለሰው ለዐቅመ ሔዋን ደርሳ ራሷ ለመምረጥ በቻለች ጊዜ ነው። የሕፃናት መብት የሚባለው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው።

ሕጉም በየጊዜው ወደዚህ አሳብ ሲቀርብ መጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18 ዓመት፥ ለሴት ግን 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ ወስኖ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ልዩነት አስቀርቶ ለኹለቱም 18 ዓመት አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የራሱ የቤተ ሰብ ሕግ ይህንኑ ዕድሜ ተቀበለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 648 ላይ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋራ ጋብቻ የሚፈጽም ሰው፥ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ብትኾን እስከ 3 ዓመት፥ ከ13 ዓመት በታች ብትኾን እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የገባችበት የሕፃናት መብቶች ስምምነት የጋብቻን ዕድሜ በቍጥር አልጻፈም፤ የልጅን የመማር መብት፥ በሚመለከታት ነገር የመጠየቅና የመሰማት መብት፥ ጤናን ከሚጐዳ ልማድ የመጠበቅ መብት ግን ጽፏል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ከዚህ ዐልፎ የሕፃናትን ጋብቻና መታጨት በግልጥ ይከለክላል፤ ለጋብቻም ከ18 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ እንዲወሰን ያዝዛል። መታጨትም የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠርጉ የሚታየው በመጨረሻ ነው፤ የልጅቱ ትምህርት የሚሰበረው ግን ቃል በታሰረበት ቀን ነውና።

ወላጅን ወደዚህ የሚገፉት ምክንያቶች በተለይ ኹለት ናቸው። የመጀመሪያው ፍርሀት ነው። ልጅቱ የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሳ ከፍ ያለው ክፍል የሚገኝበት ትምህርት ቤት ሩቅ ሲኾን ወላጅ በመንገድ ትጠለፋለች፥ ክብሯ ይነካል፥ ስሜም ይጠፋል ብሎ ይሠጋል። ሳትዳር ብትቈይም ጎረቤት ቆማ ቀረች ይላል። ኹለተኛው የውል ዕዳ ነው። ኹለት ቤተ ሰቦች በልጆቻቸው ጋብቻ ሲዛመዱ ማጫ ይቈርጣሉ፤ በችግር ቀን የሚረዳዳ ዘመድ ያገኛሉ። ለሌላው ሠርግ ብዙ ያዋጣ ሰውም ያዋጣውን የሚያስመልሰው የራሱን ልጅ ሲድር ነው። አንዳንድ ጊዜ አባት አንድ ድግስ ለኹለት ይበቃል ብሎ ከታላቂቱ ጋራ ታናሺቱንም አብሮ ይድራል። እንግዴህ ለወላጅ ሕጉን ብቻ መንገር ፍርሀቱንም ዕዳውንም አያስቀርለትም።

የነገሩ ምልክት ከማንም ቀድሞ የሚታየው በመምህሩ የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ነው። በአገሩ ልማድ ሠርግ የሚበዛው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፥ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፥ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ነው። ለምሳሌ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ በጥቅምትና በኅዳር ከትምህርት ሳትጐድል ቈይታ በታኅሣሥ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፥ በወሩ መጨረሻ ሦስት ቀን ትቀራለች እንበል። ለመከር ሥራ ቀርታ ቢኾን ወንድሟም አብሮ በቀረ ነበር፤ እርሱ እየመጣ እርሷ ብቻ ከቀረች ነገሩ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ጠጕሯ በአዲስ ሥራ ተሠርቶ፥ አዲስ ልብስ ለብሳ፥ ከባልንጀሮቿም ተለይታ ዝም ብላ ብትታይ፥ በቤቷም ጌሾና ብቅል እየተዘጋጀ መኾኑ ቢሰማ፥ ቀኑ ቅርብ መኾኑ ይታወቃል።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ልጅቱን በክፍል ፊት አይጠይቃት፤ ታፍርና ትክዳለች፥ ወሬውም በማታው ለአባቷ ይደርሳል። የምታምናት ሴት መምህር ወይም ታላቅ ተማሪ ለብቻዋ ትጠይቃት። ቀጥሎ ርእሰ መምህሩ ይወቅ፤ እርሱም ወላጆች የሚያከብሩትን ሽማግሌ፥ ከተቻለም የነፍስ አባታቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው ይሂድ። እህሉ ከመፈጨቱና ጠላው ከመጠንሰሱ በፊት የመጣ ሽማግሌ ይሰማል፤ ድግሱ ከተደገሰ በኋላ የመጣ ግን ኪሳራ ይዞ እንደ መጣ ይቈጠራል። ወላጆች እንቢ ቢሉ ነገሩ ለቀበሌው፥ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚይዘው የወረዳ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይነገር። ሽማግሌው የሚያስታርቀው ቤተ ሰቡን ነው እንጂ በልጅቱ መብት ላይ ሊያስማማ አይችልም፤ ለዘንድሮ ይለፍና ለከርሞ ይኹን የሚል ዕርቅ ልጅቱ 18 ዓመት ካልሞላት በቀር ዕርቅ አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይ ኹለት ማታለያዎች ይገኛሉ። አንደኛው ሠርጉን መሰወር ነው፤ ድግሱ የተዝካር ወይም የማኅበር ነው ይባላል፥ ወይም በታላቅ እኅቷ ሠርግ ውስጥ ታናሺቱ ትደበቃለች፥ ወይም ወደ ሌላ ወረዳ ወደ አክስቷ ቤት ትላካለች። ኹለተኛው ዕድሜን መጨመር ነው። የልደት ምዝገባ በአገሩ በሙሉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ኾነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት አልነበራቸውም፤ አባትም 18 ሞልቷታል ቢል የሚያስተባብለው ወረቀት ሳይገኝ ይቀራል። በመልክና በቁመት ብቻ የሚገመት ዕድሜም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ነገር ግን ሴት ልጅ በክርስቲያን ቤት በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ፥ የክርስትና እናቷና ካህኑ ዘመኑን ያስታውሳሉ። ከዚህም ጋራ አባቷ ራሱ ትምህርት ቤት ሲያስገባት ያስጻፈው ዕድሜ በመዝገቡ ላይ አለ። በ1ኛ ክፍል 7 ዓመቷ ነው ብሎ ያስጻፈ ሰው፥ ልጅቱ ክፍል ሳትደግም 6ኛ ክፍል በደረሰች ጊዜ 18 ሞላት ቢል ሒሳቡ ራሱ ይመልስለታል። ስለዚህ መምህር የልጆችን ዕድሜ በመጀመሪያው ቀን በጥንቃቄ ቢጽፍ ኋላ ለሚመጣው ክርክር ምስክር ያስቀምጣል።

ፍርሀትንና ዕዳን የሚያቀል ዕርዳታ ሲጨመር ምን እንደሚኾን በአማራ ክልል በሞሰቦ መንደር ታይቷል። በዚያ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ብርሃነ ሔዋን የሚባል ሥራ በመንግሥትና ፖፑሌሽን ካውንስል በሚባለው የምርምር ድርጅት ተባባሪነት ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች ከአገሩ በተመረጡ ሴቶች መሪነት በማኅበር ይሰበሰቡ ነበር፤ ትምህርት ቤት ለሚገቡት ደብተርና እርሳስ ይሰጥ ነበር፤ የመንደሩ ሰዎችም በየጊዜው ተሰብስበው ስለ ነገሩ ይወያዩ ነበር። ልጃቸውን ሳይድሩ ለኹለት ዓመት ለሚያቈዩ ወላጆች አንዲት በግ ወይም ፍየል ትሰጥ ነበር። ይህች እንስሳ የልጅቱ ዋጋ አይደለችም፤ ሳትዳር የቈየች ልጅ ለቤቷ ሸክም ብቻ አለመኾኗን ለጎረቤት የምታሳይ ምልክት ነበረች።

ፍሬው ከሌላ ተመሳሳይ መንደር ጋራ ተመዛዝኖ በተመረመረ ጊዜ፥ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች በትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት ዕጥፍ ያህል ኾኖ ተገኘ፤ የመዳራቸውም ዕድል ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። ነገር ግን ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት በሞሰቦ የበለጠ አግብተው ተገኙ። ከዚህ የሚገባን ትምህርት ትልቅ ነው። ጋብቻው ዘገየ እንጂ ወደ 18 አልደረሰም፤ ምናልባትም በብዙ ወላጆች ልብ የቀድሞው የ15 ዓመት ወሰን ገና ሳይፋቅ ቀርቶ ይኾናል። እንግዴህ ትንሿ ልጅ ከዳነች በኋላ የ15 ዓመቷን ልጅ መጠበቅ ሌላ ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልጋት ከደብተር ይልቅ በቅርብ የሚገኝ ከፍተኛ ክፍልና በመንገድ የሚያስተማምን ባልንጀራ ነው።

ይህ ኹሉ ተደርጎ ልጅቱ ተድራ ብትገኝስ? ብዙ ጊዜ መምህሩ ስሟን ከመዝገብ ይሰርዛል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ይህ ግን ስሕተት ነው። የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ ዕድሜዋ ሳይደርስ የተፈጸመ ጋብቻ ጥቅም ባለው ሰው ወይም በዐቃቤ ሕግ ጠያቂነት እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ የአፍሪካው ቻርተርም ትምህርቷን ሳትጨርስ የፀነሰች ልጅ እንኳ ትምህርቷን የመቀጠል ዕድል እንዲኖራት ያዝዛል። ጋብቻ የልጅነትን መብት የሚያጠፋ አይደለምና፥ ያገባች ወይም ከባሏ ቤት ሸሽታ የተመለሰች የ14 ዓመት ልጅ እንደ ትናንቱ ልጅ ናት። ሌሎችን ታበላሻለች ብሎ ደጅ የሚመልሳት ትምህርት ቤት አባቷ የጀመረውን በደል ይፈጽማል። ስለዚህ መምህሩ በስሟ አንጻር ተሰረዘች ብሎ በመጻፍ ፈንታ የቀረችበትን ቀንና ምክንያቱን ይጻፍ፤ የመቀመጫዋም ስፍራ ይቈያት።