ቁጥሩ ልክ ነው፤ ታዲያ ጫማው ለምን ያማል?

አንድ አዛውንት ገበሬ ከአሶሳ ገበያ 41 ቁጥር የቆዳ ጫማ ገዙ። ርዝመቱ ልካቸው ነው። ግን ቤታቸው ሳይደርሱ አወለቁት። በአውራ ጣታቸው ሥር፣ በጎን በኩል፣ ጉብ ያለ አጥንት አለ። ጫማው እሱን ይፈገፍገዋል።

ሰውዬው ያደጉት በባዶ እግር ነው። በባዶ እግር ያደገ ሰው የእግሩ ፊት ይሰፋል። ይህ በሽታ አይደለም። ኋላ ግን ለብዙ ዓመት ሹል ጫማ አደረጉ። ሹል ጫማ አውራ ጣትን ወደ ሌሎቹ ጣቶች ይገፋል። ጣቱ ሲያዘነብል ሥሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ጉብታው ይኸው ነው። በዘር የሚመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 በሆንግ ኮንግ የወጣ ጥናት ጫማ ከሚያደርጉ 100 ሰዎች 33 ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳየ። በባዶ እግር ከሚሄዱት 100 ሰዎች ግን 2 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

«እንግዲያው በባዶ እግሬ ልሂድ» አሉ ገበሬው። ይኼ ግን ሌላ አደጋ አለው። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ የዝሆኔ በሽታ ያመጣል። በሽታው በባምባሲም ይገኛል።

ገበሬው ወደ ጫማ ሰፊ ሄዱ። «ትልቅ ቁጥር ልግዛ?» ብለው ጠየቁ።

«አይ አባባ! መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ይቁሙ» አላቸው።

ቆሙ። ጫማ ሰፊው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ የእግራቸውን ዙሪያ አሰመረ። የእግራቸው ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። የጫማው ውስጥ ግን 9 ተኩል ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ጎደለ።

ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ጫማው ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የሚሰፋው ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለማግኘት አምስት ቁጥር መጨመር ያስፈልጋል። ያኔ ጫማው ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ተረከዝ ይወልቃል፤ እግርም እየተንሸራተተ ተመልሶ ሹሉ ጫፍ ውስጥ ይገባል።

«ታዲያ ብትወጥረውስ?»

ቆዳ ይወጠራል። ጉብታው የሚያርፍበት ቦታ በውሃ ይረጥባል። ከዚያ የእንጨት ፎርማ ገብቶበት ያድራል። የሚገኘው ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በቦታው ላይ ስፌት ካለ ደግሞ ቆዳው እሺ አይልም። የፕላስቲክ ጫማ ቢወጠርም ይመለሳል።

ስለዚህ ያ ጫማ ለእሳቸው አይሆንም። በውጭ አገር አንዱ ቁጥር ጠባብም ሰፊም ሆኖ ይሸጣል። እኛ ገበያ የሚታየው ጫማ አብዛኛው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጫማ ሰፊው በወረቀቱ ልክ ፊቱ ክብና ሰፊ የሆነ ጫማ ሰፋላቸው።

እርስዎም ሲገዙ ይህን ያድርጉ። ማታ፣ እግር አበጥ ሲል፣ ይለኩ። የእግርዎን ቅርጽ ከወረቀቱ ቆርጠው በጫማው ሶላ ላይ ያስቀምጡ። ወረቀቱ በጎን በጣም ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው። ሲቆሙ ጣቶችዎ መንቀሳቀስ አለባቸው። ከረጅሙ ጣት ፊትም የአንድ ጣት ስፋት ይትረፍ።

ሰፊ ጫማ ሕመሙን ያቀላል እንጂ የተጣመመ አጥንት አያቃናም። ጉብታው ከቆሰለ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም እግር ከደነዘዘ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።