ሰማንያን አልፎ የማይወርደው መስመር

እ.ኤ.አ. በ2025 ጃንዋሪ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ወደ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያወጣ ነበር። ፌብሩዋሪ ሳይጋመስ 4 ዶላርን አለፈ። ብራዚልን የመታው ድርቅ የአቅርቦት ስጋት ፈጥሮ፣ ዋጋው ገና በ2024 ማብቂያ ላይ ከ1977 ጀምሮ ያልተደፈረውን ክብረ ወሰን ሰብሮት ነበር። የኢትዮጵያ ቡና ላኪዎች ከውጭ ገዢ ጋር ሲዋዋሉ ብዙውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት ይህንኑ የኒው ዮርክ ዋጋ ስለሆነ ቻርቱ ለአዲስ አበባም ሩቅ አልነበረም።

በዚያ ቻርት ግርጌ ስቶካስቲክ ኦሲሌተር የሚባለውን መለኪያ የከፈተ ነጋዴ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። መለኪያው ከ0 እስከ 100 ይቆጥራል። ጀማሪ የሚማረው ደንብ መስመሩ ከ80 በላይ ሲወጣ «ገበያው ከመጠን በላይ ተገዝቷል፣ ሽጥ»፣ ከ20 በታች ሲወርድ ደግሞ «ከመጠን በላይ ተሸጧል፣ ግዛ» የሚል ነው። ቡናው በተከታታይ ቀናት አዲስ ከፍታ እያስመዘገበ ሲዘጋ ግን መስመሩ ከ80 በላይ ወጥቶ እዚያው ቆየ። በደንቡ መሠረት በመጀመሪያው ቀን የሸጠ ሰው ዋጋው ጥሎት ሲሄድ ቆሞ ተመለከተ።

መለኪያው አልተበላሸም። የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው እንጂ።

ስቶካስቲክን ለገበያው ዓለም ያስተዋወቀው የቺካጎው ጆርጅ ሌን ነው፤ ጊዜው 1950ዎቹ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዋጋ ሽቅብ ሲጓዝ የየቀኑ መዝጊያ በቅርብ ቀናት ከታየው ከፍታ አጠገብ ይውላል፤ ቁልቁል ሲጓዝ ደግሞ ከዝቅታው አጠገብ። ስለዚህ መለኪያው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዛሬው መዝጊያ ባለፉት 14 ቀናት ከፍታና ዝቅታ መካከል የት ላይ ነው? ዋጋው ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን አይጠይቅም፤ ገዢው ደክሟል ወይ የሚለውንም አይጠይቅም።

ስሌቱ ይህ ነው፦

```
%K = 100 × (መዝጊያ − የ14 ቀን ዝቅታ) ÷ (የ14 ቀን ከፍታ − የ14 ቀን ዝቅታ)
```

ለምሳሌ ያህል ባለፉት 14 ቀናት የቡናው ከፍተኛ ዋጋ 330 ሳንቲም፣ ዝቅተኛው 310 ነው እንበል። ልዩነቱ 20 ሳንቲም ነው። ዛሬ በ326 ቢዘጋ ከዝቅታው 16 ሳንቲም ወደ ላይ ነው፤ 16 ከ20 ማለት 80 ነው። ፈጣኑ መስመር፣ በስክሪኑ ላይ %K ተብሎ የሚታየው፣ ይኸው ነው። ከእሱ ጋር የሚሄደው %D ደግሞ የ%K የሦስት ቀን አማካይ ብቻ ነው። ነጋዴዎች ምልክት የሚሉት የሁለቱን መቋረጥ ነው። %K %Dን ወደ ላይ ሲያልፍ እንደ ግዢ፣ ወደ ታች ሲያልፍ እንደ ሽያጭ ይወስዱታል።

የፈጣኑ ችግር ሁሉንም ነገር መስማቱ ነው። ከፍታውና ዝቅታው እንዳሉ ሆነው %K በአምስት ተከታታይ ቀናት 85፣ 88፣ 80፣ 60 እና 95 ሆኖ ዋለ እንበል። በሦስተኛው ቀን አማካዩ 84.3 ነው፤ %K 80 ስለሆነ ከአማካዩ በታች ነው፣ «ሽጥ» የሚል ምልክት። በአምስተኛው ቀን አማካዩ 78.3 ሲሆን %K 95 ላይ ስለተመለሰ «ግዛ» ይላል። በስድስተኛው ቀን ዋጋው በ318 ሳንቲም ቢዘጋ %K ወደ 40 ይወድቃል፣ አማካዩ 65 ይሆናል፣ እንደገና «ሽጥ»። በአራት ቀን ሦስት የሚጋጩ ትእዛዞች። እያንዳንዱን የታዘዘ ሰው የደላላውን ኮሚሽን ከመክፈል በቀር ያተረፈው ነገር አይኖርም።

ዘገምተኛው ስቶካስቲክ የተሠራው ለዚህ ነው። አዲስ ስሌት የለውም። የፈጣኑን %D ወስዶ የራሱ %K ያደርገዋል፤ ከዚያም ያንን እንደገና በሦስት ቀን አማካይ አውጥቶ አዲስ %D ይሠራለታል። በምሳሌያችን የዘገምተኛው %K ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ 84.3፣ 76፣ 78.3 እና 65 ይሆናል። ፈጣኑን ያሳተችው የአምስተኛዋ ቀን ዘገምተኛውን አላሳተችውም፤ በዚያ ቀን የእሱ %D 79.6 ነበርና %K ከበታቹ እንደሆነ ቀረ። ምንም የግዢ ምልክት አልሰጠም። በስድስተኛው ቀን ዋጋው ሲወድቅም %K አስቀድሞ ከ%D በታች ነበር።

ይህ ጸጥታ ግን በነጻ አይገኝም። አንድ የሦስት ቀን አማካይ ምልክቱን በአንድ ቀን ገደማ ያዘገየዋል፣ ሁለተኛው አማካይ ሌላ ቀን ይጨምርበታል። ብዙ የቻርት ፕሮግራሞች 14,3,3 ብለው የሚያስቀምጡት ዘገምተኛውን ነው። ሜታትሬደር ደግሞ በነባሪ ቅንብሩ 5,3,3 ይላል። አምስት ቀን ብቻ የሚያይ መለኪያ ከአሥራ አራቱ የበለጠ ስለሚቅበጠበጥ፣ ሁለት ሰዎች «ስቶካስቲክ እንዲህ አለ» ብለው ሲከራከሩ አንዳንዴ የሚያወሩት ስለተለያየ መስመር ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። አንድ ዋጋ በየቀኑ 3 ሳንቲም እየጨመረ ይዘጋል፣ በየዕለቱ ከመዝጊያው 1 ሳንቲም ወደ ላይና 1 ሳንቲም ወደ ታች ይወዛወዛል እንበል። በ14 ቀን መስኮት ውስጥ ከዝቅታው እስከ ከፍታው 41 ሳንቲም ይሆናል፤ የዛሬው መዝጊያ ደግሞ ከዝቅታው 40 ሳንቲም ወደ ላይ ነው። ንባቡ 97.6 ነው። ነገም 97.6፣ ከሳምንት በኋላም 97.6። ዋጋው በዚህ እርምጃ ሁለት ወር ቢጓዝ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። «ከመጠን በላይ ተገዝቷል» የሚለው ስም እዚህ ላይ ያሳስታል። ከ80 በላይ መቆየቱ የሚለው ገዢዎች በየቀኑ መዝጊያውን ከከፍታው አጠገብ እያቆዩት ነው ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ የብርታት ምልክት ነው።

በዚሁ ምሳሌ በማግስቱ ዋጋው 7 ሳንቲም ብቻ ቀንሶ ቢዘጋ ንባቡ ወደ 79 ይወርዳል። መስመሩ 80ን ወደ ታች ስላለፈ መጽሐፉ «ሽጥ» ይላል። ከ39 ሳንቲም ጭማሪ በኋላ የመጣ የ7 ሳንቲም እረፍት ግን የአቅጣጫ ለውጥ ለመባል አይበቃም። በተቃራኒው ለመግዛት መስመሩ 20 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ 29 ሳንቲም ገደማ እንዲወድቅለት ያስፈልገዋል። ጤነኛ ጉዞ ላይ ያለ ገበያ ይህን ያህል የሚወርደው ጉዞው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ወደ ላይ በሚሄድ ገበያ የ80ውን መስመር ለሽያጭ አይጠቀሙበትም። ዘገምተኛው ወደ 50 ወይም 40 አካባቢ ወርዶ %K %Dን መልሶ ወደ ላይ ሲያልፍ፣ ያንን ወደ ጉዞው መግቢያ በር አድርገው ይወስዱታል። ወደ ታች በሚሄድ ገበያ ነገሩ ተገልብጦ ይሠራል።

የ80 እና 20 ደንብ እውነተኛ ቤቱ ወደ ጎን የሚሄድ ገበያ ነው። የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የአክሲዮን መለኪያ በ2015 ከማርች እስከ ኦገስት አጋማሽ ያሳለፈው ጊዜ ጥሩ ማሳያ ነው። በእነዚያ ወራት መዝጊያው ከ2040 ግድም በታች አልወረደም፤ ከ2131ም አልዘለለም። በጁላይ 8 በ2046.68 ሲዘጋ ከ14 ቀኑ ዝቅታ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ፈጣኑ ንባብ ከ5 በታች ነበር። በጁላይ 20 በ2128.28 ሲዘጋ ደግሞ ከ90 በላይ ወጣ። በመጀመሪያው ገዝቶ በሁለተኛው የሸጠ ሰው በአሥራ ሁለት ቀን 4 በመቶ ገደማ አገኘ። ዋጋው ወለልና ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ሲመላለስ «ከከፍታው አጠገብ» ማለት ከጣሪያው አጠገብ ማለት ስለሆነ፣ መለኪያው የሚመልሰው ጥያቄና ነጋዴው ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ይገጥማሉ።

እንግዲያው ከምልክቱ በፊት የሚመጣው ሥራ ገበያው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው፣ ይህን ደግሞ ስቶካስቲክ ራሱ አይናገርም። አንዳንዶች የ50 ቀን አማካይ ዋጋን መስመር ያያሉ፤ አግድም ከተኛ ገበያው ወደ ጎን ነው፣ ካዘነበለ አቅጣጫ አለው። ሌሎች ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያሳተመውን ADX የሚባል መለኪያ ይጨምራሉ፤ ከ20 በታች ሲሆን ጠንካራ ጉዞ የለም፣ ከ25 በላይ ሲወጣ አለ ብለው ይነሳሉ። ሁለቱም ወደ ኋላ የሚመለከቱ ናቸው። ገበያው ጠባዩን በለወጠበት ቀን ላይ ሁለቱም ገና የትናንቱን ይናገራሉ።

ያ ቀን በ2015 ኦገስት 20 ሆነ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ2035.73 ሲዘጋ ፈጣኑ ስቶካስቲክ ወደ ዜሮ ተጠጋ። በጁላይ የታየው ዓይነት የግዢ ዕድል ይመስል ነበር። በማግስቱ መዝጊያው 1970.89፣ ሰኞ ኦገስት 24 ቀን 1893.21፣ ማክሰኞ 1867.61 ሆነ። ሐሙስ ዕለት «ከመጠን በላይ ተሸጧል» ብሎ የገዛ ሰው በሦስት የገበያ ቀናት ከ8 በመቶ በላይ አጣ፤ ፈጣኑ መስመርም አራቱንም ቀን ከ20 በታች እንደተኛ ነበር። በጁላይ 8 እና በኦገስት 20 መለኪያው ያሳየው ቁጥር ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ የነበረው ከላይ ባለው የዋጋ ቻርት ላይ ነው፦ በጁላይ መዝጊያው ከወራቱ ወለል በላይ ቀርቷል፣ በኦገስት 20 ግን በጥቂት ነጥብ ከወለሉ በታች ወርዷል። ጥቂት ነጥብ ስለነበረ ብዙ ሰው ሳያየው አለፈ።