የድርጅት ኒውስሌተር ሲታረም፦ አንድ ዋና ዜና፣ አንድ ሊንክ

ኒውስሌተሩ በተላከ ማግስት የሰው ኃይል ክፍሉ ስልክ ያለ እረፍት ይጮሃል። ደዋዮቹ የሚጠይቁት እዚያው ኒውስሌተር ላይ የተጻፈውን ነው። እንዲህ ሲሆን "ሠራተኛው አያነብም" ማለት ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ግን ጉድለቱ ያለው እርማቱ ላይ ነው። መረጃው ተጽፏል፤ ነገር ግን ከአሥር ዜናዎችና ከስድስት ሊንኮች መሀል ፈልጎ የሚያወጣው ሰው አልተገኘም።

ድርጅቶች በየወሩ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለሠራተኞቻቸው በኢሜይል የሚልኩትን ይህን የዜና ጥንቅር አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልኩ፣ በሁለት ሥራዎች መሀል ባገኘው ትንፋሽ ነው። ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2006 እ.ኤ.አ. የአንባቢዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ይፋ ያደረገው ጥናት ሰዎች ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍን ቃል በቃል እንደማያነቡ አሳይቷል። ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ያነባሉ፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸው በግራው ጠርዝ ወደታች እየወረደ የየመስመሩን መጀመሪያ ብቻ ይለቅማል። ኒውስሌተር የሚያርም ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ይህን አንባቢ በዓይነ ሕሊናው አስቀምጦ ነው።

ለማሳያ አንድ እትም እናርም። የአንድ መካከለኛ ድርጅት የሰኔ ወር ረቂቅ ነው እንበል። መጀመሪያ የዋና ሥራ አስኪያጁ መልእክት ከነፎቶው አለ። ቀጥሎ የችግኝ ተከላ፣ የእግር ኳስ ውድድር፣ አዲስ የተቀጠሩ ሠራተኞች፣ የአዳማ ቅርንጫፍ ምረቃ፣ የሥልጠና ማስታወቂያና ሌሎችም ተደርድረዋል። ስምንተኛው ዜና ላይ ደግሞ ድርጅቱ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የሠራተኞችን ቤተሰብ የሚያካትት የሕክምና መድን መግባቱ፣ ለዚህም እስከ ሰኔ 20 መመዝገብ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል።

ዋናው ዜና የትኛው ነው?

ዜናዎቹን ከመነካካት በፊት አዘጋጁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፦ "ይህን እትም ያየ ሰው ይህን ያውቃል፣ ይህንን ያደርጋል።" ዓረፍተ ነገሩ ካልተጻፈ ዋና ዜና ገና አልተመረጠም ማለት ነው። ለመምረጥ ደግሞ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ዜናው ስንቱን ሠራተኛ ይነካል? ቀነ ገደብ አለው? አንባቢው ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ?

በእኛ ረቂቅ ላይ ሦስቱንም የሚያሟላው የሕክምና መድኑ ብቻ ነው። የቅርንጫፉ ምረቃ ትልቅ ዜና ቢሆንም ከአንባቢው የሚጠብቀው ነገር የለም። ሥልጠናው ቀነ ገደብ አለው፤ የሚመለከተው ግን አንድን ክፍል ነው። ስለዚህ መድኑ ከስምንተኛ ወደ አንደኛ ይወጣል።

ከባዱ ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ የእሱ ዜና ከላይ እንዲሆን ይፈልጋል፤ የዋና ሥራ አስኪያጁን መልእክት ከአናት ላይ ማንሳትም ድፍረት ይመስላል። ለኃላፊዎቹ የሚሠራው መፍትሔ ሁሉም የሚያየው የተራ መዝገብ ነው፦ የየወሩ ዋና ዜና አስቀድሞ ይያዛል፣ መምረጫ ጥያቄዎቹም አብረው ተጽፈው ይቀመጣሉ። ያኔ ክርክሩ ከአዘጋጁ ጋር መሆኑ ይቀርና ከመስፈርቱ ጋር ይሆናል። ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ ደግሞ፣ ድርጅቱ ለምን ቤተሰብን ለመጨመር እንደወሰነ እሳቸው የሚናገሩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ዋናው ዜና ውስጥ ይገባል። ከብቻ መልእክታቸው ይልቅ እዚያ የሚያነባቸው ሰው ይበዛል።

ግሱ መጨረሻ ላይ ሲቀር

ረቂቁ ላይ የመድኑ ዜና እንዲህ ይጀምራል፦ "ድርጅታችን የሠራተኞቹን ጤናና ደኅንነት ለማረጋገጥ ከሚያደርገው ያላሰለሰ ጥረት ጎን ለጎን፣ የሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊዎች በተገኙበት በተካሄደ የፊርማ ሥነ ሥርዓት፣ የሠራተኛውን ቤተሰብ የሚያካትት የሕክምና መድን ስምምነት መፈራረሙ ተገለጸ።"

በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ብዙ ይጓዛል። ዓይኑ የመስመሩን መጀመሪያ ብቻ የሚለቅም ከሆነማ ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው "ድርጅታችን" የሚለውን ነው። ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

"ከሐምሌ 1 ጀምሮ የትዳር አጋርዎና ልጆችዎ በድርጅቱ የሕክምና መድን መታከም ይችላሉ። ለዚህ እስከ ሰኔ 20 ስማቸውን ያስመዝግቡ። የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በስልክዎ ፎቶ አንስተው መላክ ይችላሉ።"

የፊርማ ሥነ ሥርዓቱ ወጥቷል፤ ለመታከም ማንም አያስፈልገውምና። ዓረፍተ ነገሮቹ አጥረዋል፣ ቀኖቹም ወደፊት መጥተዋል። ከዚህ በኋላ ሰው የሚጠይቀውን መመለስ ነው፦ ስንት ልጅ ይካተታል? ከደመወዝ የሚቆረጥ አለ? ሰኔ 20 ያለፈበት ሰው ምን ያደርጋል? ለዋናው ዜና ከ150 እስከ 200 ቃላት ይበቃል።

የኢሜይሉ ርእስም በዚሁ መንገድ ይታረማል። የስልክ ስክሪን ረጅም ርእስን ከመጨረሻው ስለሚቆርጥ፣ በአማርኛ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ግሱ ነው። "የድርጅታችን የሰኔ ወር ኒውስሌተር ቁጥር 14" የሚል ርእስ ደግሞ ሙሉው ቢታይም ዜና የለውም። "እስከ ሰኔ 20፦ ቤተሰብዎን ለመድን ያስመዝግቡ" የሚለው ግን አጭር ነው፤ መጨረሻው ቢቆረጥ እንኳ ቀኑ ይተርፋል።

በዓይን የሚለቀሙ ክፍሎች

ከዋናው ዜና በታች የሚቀሩት በሦስት ወይም በአራት ክፍሎች ይመደባሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም በየእትሙ አይቀየርም። ለምሳሌ "የዚህ ወር ቀናት"፣ "ከቅርንጫፎች"፣ "አዲስ ባልደረቦች" ሊሆኑ ይችላሉ። ተራቸው ካልተለዋወጠ፣ የአዳማ ሠራተኛ የሚፈልገው የት እንዳለ ሳይፈልግ ያውቀዋል።

በየክፍሉ ያለ እያንዳንዱ ዜና የራሱ ርእስና ከሁለት እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይኖረዋል። ርእሱ ብቻውን ቢነበብ ዜናውን መንገር አለበት። "የቅርንጫፍ ዜና" የሚለው ምንም አይናገርም፤ "የአዳማ ቅርንጫፍ ቅዳሜም ክፍት ሆነ" የሚለው ግን ዝርዝሩን ላላነበበውም ሰው በቂ ነው። አርታኢው ርእሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቦ የወሩን ጉዳይ መረዳት ካልቻለ፣ ርእሶቹ ገና አልታረሙም።

የግዕዝ ፊደል እዚህ ላይ የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ስሞችና ርእሶች ከጽሑፉ መሀል በራሳቸው ጎልተው አይወጡም። ዘመም ያለ ጽሕፈትም ለንባብ አይመችም። ስለዚህ የሚቀረን የፊደሉ መጠን፣ ድምቀቱና በአንቀጾች መሀል የሚተወው ባዶ ቦታ ነው። በተለይ ባዶ ቦታው ሊቆጠብ አይገባም። ድምቀቱ ደግሞ ለርእስና ለቀን ብቻ ይሁን፤ ግማሹ ገጽ ከደመቀ ምንም አልደመቀም።

አንዱ ሊንክ

ረቂቃችን ስድስት ሊንኮች ነበሩት፦ የምዝገባ ቅጹ፣ የሥልጠናው ማስታወቂያ፣ የምረቃው ፎቶዎች፣ የፌስቡክ ገጹ፣ የቴሌግራም ቻናሉና የድርጅቱ ድረ ገጽ። ስድስቱም እኩል ሲታዩ የምዝገባው ቅጽ ከፎቶ አልበም ጋር ይወዳደራል። የሚቀረው ምዝገባው ብቻ ነው። ሥልጠናው ለሚመለከተው ክፍል ለብቻው ይላካል። ከምረቃው አንድ ፎቶ እዚያው እትሙ ላይ ይወጣል። የተቀሩትን ሠራተኛው አስቀድሞ ያውቃቸዋል።

ሊንኩ ከዋናው ዜና ሥር በቁልፍ መልክ ይቀመጣል፤ እትሙ ረጅም ከሆነ መጨረሻ ላይ ሊደገም ይችላል፣ መድረሻው ግን አንድ መሆን አለበት። ቁልፉ ላይ "እዚህ ይጫኑ" ከሚባል "ቤተሰቤን አስመዝግብ" ቢባል አንባቢው ከመጫኑ በፊት የሚሆነውን ያውቃል። መድረሻውም ቅጹ ራሱ ይሁን እንጂ ቅጹ የሚፈለግበት ገጽ አይሁን። ለሾፌሮች፣ ለጥበቃዎችና የድርጅት ኢሜይል ለሌላቸው ሠራተኞች ያው ሊንክ በኪውአር ኮድ ታትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሥሩም የሚመዘግበው ሰው የቢሮ ቁጥር ይጻፋል።

ከመላክ በፊትና በኋላ

ከመላኩ በፊት እትሙን ከሌላ ክፍል ለሆነ ባልደረባ በስልክ ላይ ለአሥር ሰከንድ ያሳዩትና "ምን አድርግ ይላል?" ብለው ይጠይቁት። "የሆነ የመድን ነገር ነው" ካለ ርእሱ መታረም አለበት፤ "እስከ ሰኔ 20 ቤተሰብ ማስመዝገብ" ካለ ደርሷል። ቅጹንም የድርጅቱን ኔትወርክ ትተው በሞባይል ዳታ ይክፈቱት፤ ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ቅጽ የብዙ እትሞች ድብቅ ጠንቅ ነው። የመልእክቱም መጠን ይታይ። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ ያለፈ መልእክትን ቆርጦ የቀረውን ይደብቃል። ፎቶዎች እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም፤ የሚያሳብጠው ብዙ ጊዜ ከዎርድ ተገልብጦ የሚለጠፍ ጽሑፍ ይዞት የሚመጣው የማይታይ ኮድ ነው።

ከተላከ በኋላ "ስንት ሰው ከፈተው?" የሚለው ቁጥር አይታመንም። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. በሜይል መተግበሪያው ላይ የግላዊነት መጠበቂያ ካስገባ ወዲህ፣ ባለቤቱ ያላየው ኢሜይል እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። መታየት ያለባቸው ሊንኩን የተጫኑትና ቅጹን የጨረሱት ናቸው። የተጫኑት ብዙ ሆነው የጨረሱት ጥቂት ከሆኑ ኒውስሌተሩ ሠርቷል፤ የሚታረመው ቅጹ ነው። የተጫኑት ራሳቸው ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ርእሱንና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መልሶ ማየት ነው።

ይህ አሠራር የማይሆንላቸው ጉዳዮችም አሉ። የቅነሳ ወሬና ሌላ ልብ የሚነካ ነገር በአለቃ አንደበት እንጂ በኒውስሌተር መነገር የለበትም፤ አስቸኳይ ማስታወቂያም እትሙን አይጠብቅም። በሌላ በኩል ሠራተኛው ምንም የማያደርግበት ወር ሊመጣ ይችላል። ያኔ ለመሙላት ተብሎ ሊንክ አይፈጠርም፤ "በዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ" የሚል አንድ ቁልፍ ይበቃል።

የሐምሌ እትም ሲወጣ ከክፍሎቹ አንዱ የሰኔውን ውጤት በሁለት መስመር ይንገር፦ ስንት ቤተሰብ ተመዘገበ፣ ያልተመዘገቡትስ ቀጣዩ ዕድላቸው መቼ ነው? ሠራተኛው ቁልፉን መጫኑ ውጤት እንዳመጣ ካየ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣውንም ቁልፍ ይጫናል።