ጸጉር የሚያሳድግ ወንድ እንዴት ይሰር? ጫፉንስ መቼ ይቁረጥ?

ሰኞ የባቲ ገበያ ሲደምቅ፣ ከቆላው ወገን ከሚመጡት የአፋር ወንዶች መካከል ጸጉራቸውን አሳድገው በቅቤ ያወዙ ይታያሉ። ራቅ ብሎ በፈንታሌ የከረዩ ኦሮሞ ወጣቶች ጉንፉራ የሚሉትን ጎፈሬ በእንጨት ሚዶ እያበጠሩ ያሳምራሉ። ዐፄ ቴዎድሮስም ቢሆኑ በሹሩባቸው ይታወቃሉ። ረጅም ጸጉር ለወንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ልማዶች የሚለየው በላስቲክ ጠበቅ አድርጎ ወደ ኋላ ማሰር ነው፤ ብዙው ጉዳትም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ተስቦ የታሰረ ጸጉር ሥሩን ቀኑን ሙሉ ይጎትታል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ሲሆን፣ በዚያ ያለው ጸጉር ይሳሳል፤ ከሥሩም ጥቃቅን እብጠቶች ይወጣሉ። ቅንድብን ወደ ላይ ሲያነሡ የግንባር ቆዳ የሚወጠር ከሆነ፣ ወይም ማታ ሲፈታ የራስ ቆዳ የሚያም ከሆነ፣ እስሩ ጠብቋል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ማላላት ጸጉሩን ይመልሰዋል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይጠፋና ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ የሚቀባ ቅባትም አይመልሰውም።

ለማሰር ከላስቲክ ይልቅ ለስላሳ የጨርቅ ማሰሪያ ይመረጣል። እስሩ ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ፣ ጣት በሚያስገባ መጠን ላላ ይበል፤ ቦታውም በየጥቂት ቀኑ ይቀያየር። እርጥብ ጸጉር መታሰር የለበትም። ጥቅልል ጸጉር ሲርስ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ጠዋት ልክ የነበረው እስር እኩለ ቀን ላይ ይጠብቃል። ሌሊት መፍታት ግድ ነው። በነገራችን ላይ በእስልምና ወንድ ጸጉሩን ሰብስቦ አስሮ መስገዱ እንደሚጠላ ሊቃውንት ስለሚያስተምሩ፣ ለሶላት የሚፈታ ሰው ጸጉሩን በቀን ደጋግሞ ያሳርፈዋል።

ሌላው ጉዳይ ድርቀት ነው። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በቀጥ ያለ ጸጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ጫፉ የሚደርቀውና በየመታጠፊያው የሚሰበረው ለዚህ ነው። ቅቤ ውኃ አይጨምርም፤ ያለውን እርጥበት እንዳይተን ይሸፍናል እንጂ። ስለዚህ ጸጉሩ ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ፣ ጥቂቱን በመዳፍ አሟሙቶ በተለይ ጫፉን መቀባት ይሻላል። በዚያው ጊዜ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየወጡ ማበጠር ተገቢ ነው። ከሥር ጀምሮ መሳብ ውሉን ያጠብቀዋል።

የቅቤ ጉድለትም መታወቅ አለበት። በከሚሴ ሙቀት ቶሎ ይሸታል፤ ማሽላ በሚወቃበት አውድማም እብቁንና አቧራውን ይሰበስባል። በሥራ ቀን ጸጉርን በሻሽ መሸፈን፣ በሳምንት አንድ ጊዜም የራስ ቆዳን በጣት እያሹ መታጠብ ያስፈልጋል። ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤውን ከራስ ቆዳው ያርቅ፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይመገባልና።

ጫፍ መቁረጥ ጸጉርን ፈጥኖ እንዲያድግ አያደርገውም። ጥቅሙ ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይዘልቅ ማገዱ ነው። በከሚሴ ባጃጅ የሚያሽከረክር፣ ጸጉሩ ሲሳብ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ወጣት እንውሰድ። ጸጉሩ በሦስት ወር ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያድጋል እንበል። በየሦስት ወሩ 1 ሴንቲ ሜትር ቢቆርጥ 1.5 ይተርፈዋል፤ በዓመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሳይቆርጥ ቆይቶ ጫፉ በየቀኑ ቢሰበር ግን የሚያድገውና የሚሰበረው ይተካከልና «ጸጉሬ አላድግ አለ» ይላል። ጸጉሩ አድጓል፤ ጫፉ ነው ያልቆየው።

አቆራረጡም ቀላል ነው። የደረቀውን ጸጉር ቀጭን ቀጭን አድርጎ መግመድና ከጫፉ ተበትኖ የሚወጣውን፣ ከስንጥቁ ወይም ከትንሿ ቋጠሮ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ መቁረጥ ነው። መቀሱ ለጸጉር ብቻ የተለየና ስለታም ይሁን፤ የደነዘ መቀስ አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል። ጎፈሬው እንዲከብ የሚፈልግ ደግሞ ጸጉሩን በደረቁ አበጥሮ ካቆመ በኋላ ከዳር የወጣውን ብቻ ያስተካክል። በእርጥቡ ከተቆረጠ ሲደርቅ እኩል አይሰበሰብምና አንዱ ወገን አጥሮ ይገኛል። ጸጉር ቤት የሚሄድ ሰው መቀሱና ማበጠሪያው በደንብ መጽዳቱን ይጠይቅ፤ ጭርት በጋራ መገልገያ ይተላለፋል። ክብ ሆኖ የሚልጥና ጸጉር የሚያረግፍ ቁስል ከታየ ቅቤ ከመደራረብ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የራስ ቆዳ ጭርት የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው።