ዲግሪው አለ፤ ፈቃዱስ?

በዴን ሃግ በሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ያለው ስኪልደርስዋይክ፣ መንገዶቹ በሠዓሊዎች ስም የተሰየሙ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ተጠጋግተው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እዚህ ሥራ የሚፈልግ ሰው አዘውትሮ የሚሰማው ጥያቄ «ምን ወረቀት አለህ?» የሚል ነው። ወረቀቶቹ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠሩም።

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመርቃ የመጣች አንዲት ሴት አለች እንበል። ዲግሪዋ አራት ዓመት ተምራ እንደጨረሰች ይመሰክራል። ጊዜው አያልፍበትም፤ የአገር ድንበርም አይሽረውም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ግን ቀጣሪው ዲግሪው ከየትኛው የአገሩ ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን ማወቅ ይፈልጋል። ይህን የሚመዝኑት ለከፍተኛ ትምህርት ኑፊክ፣ ለሙያ ትምህርት ኤስቤቤ የተባሉት ተቋማት ናቸው። ዲግሪዋንና የውጤት ዝርዝሯን ስታቀርብ የሚሰጣት የምዘና ወረቀት ደረጃውን ይናገራል፤ በነርስነት የመሥራት መብት ግን አይሰጣትም።

መብቱ የሚገኘው ከቢግ መዝገብ ነው። ስሙ የመጣው በ1993 ከወጣው የጤና ባለሙያዎች ሕግ ሲሆን፣ እዚያ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን «ነርስ» ብሎ መጥራት በሕግ አይፈቀድለትም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተማረች ነርስ ለመመዝገብ የደች ቋንቋና የሙያ ዕውቀት ፈተና ይጠብቃታል፤ እንደ ውጤቱም ተጨማሪ ትምህርት ልትታዘዝ ትችላለች። ከተመዘገበችም በኋላ ፈቃዱ የዘላለም አይደለም። በየአምስት ዓመቱ ታድሳለች፤ ለእድሳቱም በአምስቱ ዓመታት ውስጥ 2080 ሰዓት በሙያዋ መሥራቷን ታሳያለች፣ ይህ ካልሞላ ትምህርትና ፈተና ይጠየቃል። ሐኪም ቤቱ ከመቅጠሩ በፊት ስሟን ወይም የመዝገብ ቁጥሯን በይፋ በተከፈተው መዝገብ ውስጥ ይፈልጋል። ዲግሪና ፈቃድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፦ ዲግሪ ያለፈውን ይናገራል፣ ፈቃድ ዛሬ የተፈቀደልህን። ፈቃድ ሊታገድና ሊሰረዝ ይችላል፤ ዲግሪ ግን በሥራ ጥፋት አይነጠቅም። በኢትዮጵያም ቢሆን ከምረቃ በኋላ የጤና ባለሙያ ለሙያ ፈቃድ የሚፈተነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምዝገባው እስኪያልቅ ወጪ አይቆምም። በአረጋውያን ቤት በረዳትነት ለመቀጠር የቢግ ምዝገባ አያስፈልግም፤ ቀጣሪው የሚጠይቀው በአብዛኛው የሙያ ትምህርት ዲፕሎማ ወይም ሰርተፍኬት ነው። እዚህ መጠንቀቅ ያሻል። መንግሥት የሚያውቀው የሙያ ትምህርት ሰርተፍኬት የዲፕሎማው አንድ ክፍል ነው፤ ቀሪውን በኋላ አሟልቶ ዲፕሎማ ማግኘት ይቻላል። ሁለት ቀን ተቀምጦ የሚወሰደው የተሳትፎ ወረቀት ግን መገኘትህን እንጂ መቻልህን አይመሰክርም። ሁለቱን ለመለየት ወረቀቱ ላይ ፈተና ተወስዶ እንደነበር፣ ማን እንደፈተነና በምን ደረጃ እንደሆነ መፈለግ ነው።

ከዲግሪ፣ ከፈቃድና ከሰርተፍኬት ቀጥሎ አራተኛው ወረቀት የብቃት ማረጋገጫ ነው። ምሳሌው በግንባታና በፋብሪካ ጥገና ሥራ የሚጠየቀው የደኅንነት ወረቀት ቬሴአ ነው። መሠረታዊው ፈተና ምርጫ ያላቸው 40 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፈ ሰው ለአሥር ዓመት የሚጸና ማረጋገጫ ያገኛል፣ ስሙም ቀጣሪ በሚያጣራው መዝገብ ይገባል። ሕግ ቬሴአ ያዝ ብሎ አያስገድድም፤ ሥራውን የሚያሠራው ድርጅት ግን ያለዚያ ወደ ግቢው አያስገባም። ስለዚህ ማረጋገጫውን እንደ ፈቃድ የሚያስከብረው ገበያው ነው። ዲግሪ ያለው መሐንዲስም በዚያ በር ላይ በዲግሪው አያልፍም።

ቅጥር ላይ ታዲያ ቅደም ተከተሉ እንደ ሥራው ይለያያል። በሕግ በታጠረ ሙያ፣ በነርስነት ወይም በሐኪምነት፣ መጀመሪያ የሚታየው ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ ሌላው ወረቀት ሁሉ አይነበብም። በግንባታ ቦታ ማረጋገጫው ይቀድማል። በቢሮ ሥራ፣ ለምሳሌ በሂሳብ ክፍል፣ ዲግሪው ወይም የተመዘነው ደረጃ ይመዝናል፤ የአጭር ኮርስ ሰርተፍኬት ደግሞ ተመሳሳይ ዲግሪ ካላቸው ሁለት አመልካቾች አንዱን ሊያስመርጥ ይችላል።

ስለዚህ ሲቪ ላይ አራቱን በአንድ ዝርዝር ማጨቅ ይጎዳል። ፈቃድ ካለ ከነመዝገብ ቁጥሩ ከላይ ይጻፍ፣ ማረጋገጫው ከነሚያልቅበት ቀን ይከተል፣ ዲግሪው ከነተመዘነበት ደረጃ፣ አጫጭር ኮርሶች በስተመጨረሻ። ፈቃዱ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰውም «ነርስ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «በነርስነት ተመርቃ፣ በቢግ ምዝገባ ሂደት ላይ ያለች» ብሎ ቢጽፍ፣ ከሕጉም ከቀጣሪውም ጋር አይጋጭም።