ግብር ቢሮው የማይጠይቀው ዕዳ

አንድ ኩባንያ በ1 ሚሊዮን ብር የኮምፒውተር ሰርቨሮች ገዛ እንበል። የሒሳብ ክፍሉ ዕቃው 10 ዓመት ያገለግላል ብሎ በየዓመቱ 100 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ይመዘግባል። የግብር ደንቡ ግን በዓመት 20 በመቶ፣ ማለትም 200 ሺህ ብር እንዲቀነስ ቢፈቅድስ?

ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለው ትርፍ 600 ሺህ ብር ቢሆን፣ በሒሳብ መዝገቡ 500 ሺህ፣ በግብር ስሌቱ 400 ሺህ ይቀራል። በኢትዮጵያ ድርጅቶች በሚከፍሉት 30 በመቶ ሲሰላ የዘንድሮው ግብር 120 ሺህ ብር ነው። ሒሳቡ ካሳየው ትርፍ ጋር የሚመጣጠነው ግን 150 ሺህ ነው። ልዩነቱ፣ 30 ሺህ ብር፣ አልተማረም፤ ጊዜው ተገፋ እንጂ። የሒሳብ ባለሙያዎች «ዲፈርድ ታክስ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

በአምስት ዓመት 150 ሺህ ይደርሳል። ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ለግብር የሚቀነስ እርጅና ስለማይኖር ኩባንያው በዓመት 180 ሺህ ይከፍላል፤ የተጠራቀመውም በየዓመቱ 30 ሺህ እየቀነሰ በአሥረኛው ዓመት ዜሮ ይገባል።

ብዙ ባለአክሲዮን ይህን ቁጥር ሲያይ ውዝፍ ግብር መስሎት ይደነግጣል። ውዝፍ አይደለም፤ ግብር ሰብሳቢው መዝገብ ላይም የለም።

ልዩነት ሁሉ ግን እንዲህ አይመለስም። ኩባንያው የከፈለው የመንግሥት ቅጣት ከግብር ስሌት ውስጥ መቼም ስለማይቀነስ ዲፈርድ ታክስ አይያዝለትም።