ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ቃለ መጠይቁ እንዳይቋረጥ

አዲስ አበባ፣ ገርጂ የምትኖር አንዲት የሒሳብ ባለሙያን እናስብ። ለንደን ያለ ድርጅት በዙም ሊያነጋግራት ቀጠሮ ይዟል። ቤቷ ዋይፋይ አለ፤ ግን ይቆራረጣል። ላፕቶፑ የወንድሟ ነው። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። እንዲህ ያለው ቃለ መጠይቅ በአብዛኛው የሚበላሸው አመልካቹ መልስ ስላጣ ሳይሆን መልሱ ጠያቂዎቹ ጋ ሳይደርስ ስለሚቀር ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። በጥሪው ላይ የተጻፈው የለንደን ቀትር ከሆነ፣ በክረምታቸው አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። በማርች መጨረሻ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ደግሞ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ ያው ቀትር እኛ ጋ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀጠሮውን በሚያረጋግጠው ኢሜይል ላይ የሁለቱንም ከተማ ሰዓት በፈረንጁ አቆጣጠር ጽፎ መላክ ይበጃል። ስህተት ካለም ጠያቂዎቹ ቀድመው ያርሙታል።

ወደ ኢንተርኔቱ ስንመጣ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ያስረዳል። ሁለት ሰዎች በዙም ጥርት ባለ ቪዲዮ ሲነጋገሩ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 600 ኪሎቢት ገደማ ያስፈልጋል። ለድምፅ ብቻ ከሆነ ግን ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃል። ምስሉን መሸከም ያቃተው መስመር ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ ይሸከማል ማለት ነው። ጠያቂዎች የደበዘዘ ፊት አይተው መልስ መመዘን ይችላሉ፤ የተቆራረጠ ድምፅ ሰምተው ግን አይችሉም። ዝግጅቱ በሙሉ ድምፁን ከማዳን ይጀምራል።

መስመሩን ለመለካት ቀኑ ሳይደርስ፣ ቃለ መጠይቁ በሚካሄድበት ሰዓት፣ ሰውየው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የፍጥነት መለኪያ መክፈት ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የማውረጃውን ቁጥር ነው፤ የአመልካቹ ፊትና ድምፅ የሚወጣው ግን በመጫኛው በኩል ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ልኬቱን በየተወሰነ ደቂቃ መደጋገም ያስፈልጋል። አንዴ 4 ሜጋቢት፣ ቀጥሎ ከግማሽ ሜጋቢት በታች የሚያሳይ መስመር አማካዩ ጥሩ ቢመስልም አይታመንም። ከዚያ zoom.us/test በሚለው አድራሻ ገብቶ ድምፅንና ካሜራን መፈተሽ ይቻላል። በዕለቱ የቤተሰቡ ስልኮች ከዋይፋዩ ይውጡ፤ ላፕቶፑም በመሃል ዝማኔ እንዳያወርድና ፎቶ እንዳይጭን ይደረግ።

የተዋሱት ላፕቶፕ የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ጠበቃ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ወደ ችሎት ሲገባ፣ ቀድሞ የተከፈተ የምስል ማጣሪያ ፊቱን የድመት ግልገል አድርጎ ለዳኛው አሳየው። ማጥፊያውን ወዲያው ማግኘት አልቻለም። ባለሙያዋም በወንድሟ ስም ወደ ስብሰባው ከመግባቷ በፊት በዙም ላይ የሚታየውን ስምና ከጀርባ የሚመጣውን ምስል አስቀድማ ማስተካከል ይኖርባታል።

ብርሃን የመልክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኢንተርኔቱ ጋርም ይያያዛል። ካሜራ በጨለማ ክፍል ውስጥ ምስሉን በግድ ሲያደምቀው ፊትና ግድግዳ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይፈጠራሉ። ቪዲዮው ዳታ የሚቆጥበው ያልተለወጠውን የምስል ክፍል ደግሞ ባለመላክ ነው። ነጠብጣቦቹ ግን በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጡ ፕሮግራሙ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጥራቸውና ያለችውን ጥቂት ዳታ እነሱ ላይ ያባክናል። ውጤቱ የተሸረፈ፣ አራት ማዕዘን የበዛበት ፊት ነው። ከጀርባ የሚውለበለብ መጋረጃም ያንኑ ያደርጋል። ጥሩ ብርሃንና ባዶ ግድግዳ ለደካማ መስመር ሸክም ይቀንሳሉ።

አቀማመጡ ቀላል ነው፤ ፊት ወደ መስኮት፣ ጀርባ ወደ ግድግዳ። መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ ካሜራው ብርሃኑን ለመመጠን ሲል ፊትን ያጠቁረዋል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ዓይንና ከንፈር ጨርሶ እስከ መጥፋት ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ከሆነ ስስ መጋረጃ ይበቃዋል። መብራት ቢጠፋና ቢዳምን ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ፋኖስ ከላፕቶፑ ኋላ፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ዓይንን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችን ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። በቪዲዮ ግን አንገት ደፋ ማለት ከወረቀት የሚያነቡ ያስመስላል። ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ደራርቦ ካሜራውን ከዓይን እኩል ማድረግ፣ የጠያቂውን ምስል የያዘውን መስኮት አሳንሶ በቀጥታ ከካሜራው ሥር ማምጣት፣ የራስን ምስል ከስክሪኑ መደበቅ፤ እነዚህ ሦስቱ ከተደረጉ ዓይን ብዙም አይንከራተትም። ሲናገሩ ካሜራውን፣ ሲያዳምጡ የጠያቂውን ፊት ማየት ይቻላል። መስማማትንም በራስ ንቅናቄ ማሳየት ይሻላል፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላትን «እህ» የዙም የድምፅ ማጣሪያ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያስቀራት ይችላል፣ ብትሰማም ለውጭ ሰው ድንጋጤ ትመስላለች።

መጠባበቂያው የሚጀምረው ከመብራት ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱም አብሮት። ለራውተር የሚሆን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ገበያ ላይ አለ፤ ሲገዙ በራውተሩ ላይ ከተጻፈው ቮልት ጋር መግጠሙን ማየት ነው። ሁለተኛው መስመር የስልክ ሆትስፖት ሲሆን፣ የቤቱ ዋይፋይ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የስልኩ ሲም የሳፋሪኮም ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ላይወድቅ ይችላል። ፓኬጁ ቀድሞ ይገዛ፣ ላፕቶፑም ከሆትስፖቱ ጋር አንድ ጊዜ ተገናኝቶ የይለፍ ቃሉን ይያዝ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት አደጋ አለ። በአንዳንድ ስልክና ኔትወርክ ላይ ጥሪ ሲገባ ስልኩ ወደ ቀድሞው ትውልድ መስመር ስለሚወርድ ሆትስፖቱ ይቆማል ወይም ይንቀራፈፋል። ስልኩን ድምፅ አልባ ማድረግ ጥሪው እንዳይገባ አያግደውም። መፍትሔው ለሆትስፖት ማንም የማያውቀውን ቁጥር መጠቀም፣ ወይም ጥሪዎችን ለዚያ ሰዓት ወደ ሌላ ስልክ ማስተላለፍ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም መስመሩ ሊናጥ ይችላል። የባለሙያዋ ጠያቂ ስለ ኦዲት ልምዷ ጠይቆ እየመለሰች ሳለ ዙም ኢንተርኔቷ እንዳልተረጋጋ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳያት እንበል። መጀመሪያ «ድምፄ እንዲጠራ ቪዲዮዬን ላጥፋ» ብላ ካሜራዋን ትዘጋለች። ድምፁም መቆራረጡን ካላቆመ ወደ ሆትስፖቱ ትቀይራለች፤ ዙም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይገናኛል። ያም እምቢ ካለ ዋዜማው ላይ በላከችው ኢሜይል ስልክ ቁጥሯን ስለሰጠች ሊደውሉላት ይችላሉ። ስትመለስም ከመጀመሪያው አትጀምርም፤ የመጨረሻ የሰሙትን ዐረፍተ ነገር ጠይቃ ከዚያ ትቀጥላለች። ሳይሟላ የቀረ መልስ ካለ፣ በዚያው ቀን በምትልከው የምስጋና ኢሜይል ውስጥ በአራት በአምስት መስመር አሟልታ ትጽፈዋለች።